127 ወይስ 112? አንድ የትራንዚስተር ማጉያ በኮምፒውተርና በላብ ጠረጴዛ ላይ

ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ከሚጽፏቸው የላብ ሪፖርቶች መጨረሻ ላይ የማይጠፋ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «በሲሙሌሽኑና በልኬቱ መካከል የታየው ልዩነት ከዕቃዎቹ ቶለራንስ የመጣ ነው።» ተማሪው ይህን ጽፎ ሪፖርቱን ያስረክባል፤ አራሚውም ምልክት አድርጎ ያልፋል። ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ችግሩ ምንም አለመናገሩ ነው። የትኛው ዕቃ? በየትኛው አቅጣጫ ሳተ? በስንት? ልዩነቱ በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ታየ ወይስ በከፍተኛው? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ አላቸው፤ መልሱም ከመልቲሜትርና ከትንሽ ትዕግሥት በላይ አይጠይቅም።

ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ሙከራዎች መካከል በጣም የታወቀውን ይዞ ይሄዳል፤ የኮመን ኤሚተር ማጉያ የፍሪኩዌንሲ ምላሽ ልኬትን። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በአንድ ትራንዚስተር የተሠራ ማጉያ ብሬድቦርድ ላይ ይሰካል፣ ፍሪኩዌንሲው እየተቀያየረ ምን ያህል እንደሚያጎላ ይለካል፣ ያው ሰርኩዊት ኮምፒውተር ላይ ይሳላል፣ ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ከታች የምጠቅሳቸውን ንባቦች እንደ ምሳሌ ውሰዷቸው። ከሰርኩዊቱ ስሌት የሚወጡ፣ ይህን ማጉያ የሠራ ሰው የሚያገኛቸው ዓይነት ቁጥሮች ናቸው።

በመጀመሪያ ሰርኩዊቱን እንወቀው። ትራንዚስተሩ በየላቡ የሚገኘው 2N3904 ነው፤ ሦስት እግሮች አሉት፦ ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር። ትንሿ ሲግናል በቤዝ ትገባለች፣ ጎልታ በኮሌክተር ትወጣለች። ኃይሉ 12 ቮልት ነው። ቤዙ የሚቆምበትን ቮልቴጅ የሚወስኑት 47 ኪሎ ኦም እና 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ሲሆኑ፣ ኮሌክተሩ ላይ 3.3 ኪሎ ኦም፣ ኤሚተሩ ላይ 1 ኪሎ ኦም ተቀምጧል። ሲግናሉ የሚገባውና የሚወጣው በሁለት ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች በኩል ነው፤ መውጫው ላይ 10 ኪሎ ኦም ጭነት አለ። በመጨረሻም ከኤሚተሩ ሬዚስተር ጎን ለጎን 100 ማይክሮፋራድ የሆነ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ገብቷል። ይህ የመጨረሻው ባይፓስ ካፓሲተር ይባላል፤ በታሪካችን ውስጥ ትልቅ ድርሻ ስላለው ከወዲሁ ልብ ይባል።

ጌይን ማለት የመውጫው ቮልቴጅ ለመግቢያው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የዚህ ማጉያ ጌይን በሁሉም ፍሪኩዌንሲ አንድ ዓይነት አይደለም። በመካከለኛው ክልል ረጅም ሜዳ አለ፤ እዚያ ጌይኑ አይለዋወጥም። ወደ ዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ስንወርድ ካፓሲተሮቹ ሲግናሉን ማሳለፍ ስለሚያቅታቸው ጌይኑ ይቀንሳል። ወደ ከፍተኛው ስንወጣ ደግሞ በትራንዚስተሩ ውስጥና በሽቦዎቹ መካከል ያሉ፣ ማንም ያልሰካቸው ጥቃቅን ካፓሲተሮች ሲግናሉን ወደ መሬት ያፈሱታል። በሁለቱም ወገን ጌይኑ የሜዳው 0.707 እጅ የሚሆንበት ነጥብ የማጉያው ወሰን ተብሎ ይመዘገባል፤ እዚያ ላይ ኃይሉ በግማሽ ቀንሷል፣ በዴሲቤል ሲቆጠር 3 ወርዷል። ከሪፖርቱ የሚጠበቁት እንግዲህ ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ የሜዳው ጌይን፣ የታችኛው ወሰንና የላይኛው ወሰን። ሦስቱም ከሲሙሌሽኑ ይለያያሉ፣ ሦስቱም የሚለያዩበት ምክንያት የየራሳቸው ነው።

ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር የመግቢያው ሲግናል ትልቅነት ነው። ማጉያው ከመቶ ጊዜ በላይ ስለሚያጎላ ቤዙ ላይ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ይበቃዋል፤ ብዙዎቹ የላብ ፋንክሽን ጄኔሬተሮች ግን ያን ያህል ዝቅ ብለው ንጹሕ ሲግናል አይሰጡም። መፍትሔው 1 ኪሎ ኦም እና 10 ኦም ሬዚስተሮችን ተከታትለው ሰክቶ ሲግናሉን ከ10 ኦሟ ላይ መውሰድ ነው። ያኔ ቮልቴጁ በ101 ይካፈላል። ጄኔሬተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ቮልት ሲሰጥ ቤዙ ጋ የሚደርሰው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ በጩኸት ውስጥ የምትጠፋውን 5 ሚሊቮልት በኦሲሎስኮፕ ከማሳደድ ይልቅ ግማሹን ቮልት በደንብ አንብቦ ለ101 ማካፈል ይሻላል። ሁለቱን ሬዚስተሮች አስቀድሞ በመልቲሜትር መለካት እንዳይረሳ ብቻ ነው።

ለምን ይህን ያህል ትንሽ ሲግናል? ትራንዚስተሩ ቀጥተኛ ዕቃ ስላልሆነ ነው። ቤዙ ላይ ያለው ቮልቴጅ በትንሹ ሲጨምር ጅረቱ በኤክስፖኔንሻል ሕግ ይጨምራል። ሲግናሉ ሲበዛ የሚወጣው ሞገድ የላይኛው ጉብታ እየሰፋና እየተድቦለቦለ፣ የታችኛው እየሾለ ይሄዳል። ኦሲሎስኮፑ ላይ ሁለቱ ጉብታዎች ካልተመሳሰሉ የተነበበው ቁጥር ጌይን አይባልም፤ ጄኔሬተሩን ዝቅ አድርጎ እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙ ሠንጠረዦች ገና ከመጀመሪያው መስመር የሚበላሹት ከዚህ የተነሳ ነው።

ኮምፒውተሩ ግን ይህን ችግር አያውቀውም። ዛሬ በየላፕቶፑ የሚገኙት የሰርኩዊት ሲሙሌሽን ፕሮግራሞች በአብዛኛው የስፓይስ ልጆች ናቸው። ስፓይስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በዶናልድ ፔደርሰን አመራር በሎረንስ ኔግል ተሠርቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ ፕሮግራም ነው። የፍሪኩዌንሲ ምላሽ ስናዝዘው የሚያደርገው ይህንን ነው፦ በመጀመሪያ ሲግናል ሳይኖር በሰርኩዊቱ ውስጥ የሚቆመውን ቮልቴጅና ጅረት ያሰላል። ከዚያ ትራንዚስተሩን በዚያች ነጥብ ላይ በቀጥተኛ መስመር ይተካዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ተራ ማባዛት ነው። የመግቢያውን ሲግናል 1 ቮልት ብላችሁ ብትሰጡት 12 ቮልት ብቻ ካለው ሰርኩዊት 127 ቮልት እንደወጣ ያለ ምንም ማቅማማት ይነግራችኋል። አልተሳሳተም፤ የጠየቅነው የመስመሩን ተዳፋት ነበር፣ የነገረንም እርሱን ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከተል ቁምነገር አለ፤ የሲሙሌሽኑ ጌይን ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያች በመጀመሪያ በተሰላችው የቆመ ነጥብ ላይ ነው።

ወደ ሜዳው ጌይን እንግባ። ሲሙሌሽኑ 127 ይላል፣ ጠረጴዛው 112 ይላል እንበል። 127 ከየት መጣ? ከሁለት ነገሮች ክፍፍል ነው። ላይኛው ኮሌክተሩ የሚያየው ጠቅላላ ሬዚስታንስ ነው፤ 3.3 ኪሎ ኦሙ፣ የ10 ኪሎ ኦሙ ጭነትና የትራንዚስተሩ የራሱ ሬዚስታንስ ጎን ለጎን ሲሆኑ 2,380 ኦም ገደማ ይሰጣሉ። ታችኛው ኤሚተሩ በውስጡ የያዛት፣ ማንም ያልሰካት ትንሽ ሬዚስታንስ ናት። እርስዋም በክፍል ሙቀት 26 ሚሊቮልት ለኤሚተሩ ጅረት ሲካፈል ትገኛለች። ጅረቱ 1.39 ሚሊአምፒር ከሆነ፦

```
re = 26 mV / 1.39 mA = 18.7 Ω
A  = 2380 / 18.7 = 127
```

(ሞገዱ ተገልብጦ ስለሚወጣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለ፤ እዚህ የምንከታተለው መጠኑን ብቻ ነው።) ሲሙሌሽኑ እንደ ትራንዚስተሩ ሞዴል በአንድ ሁለት ቁጥር ቢለይ እንጂ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ጌይኑን በቀጥታ የሚዘውረው የቆመው ጅረት ነው፤ እርሱን ለማወቅ ደግሞ ኦሲሎስኮፕም ጄኔሬተርም አያስፈልግም። ሲግናሉን አጥፍቶ በመልቲሜትር የኤሚተሩን ቮልቴጅ ማንበብ ይበቃል። ኤሚተሩ ላይ ያለው ሬዚስተር 1 ኪሎ ኦም ስለሆነ የተነበበው ቮልት ያው በሚሊአምፒር ጅረቱ ነው። ሲሙሌሽኑ 1.39 ቮልት ይጠብቃል። መልቲሜትሩ 1.30 ካሳየ የልዩነቱ ትልቁ ክፍል ገና ማጉላቱ ሳይጀመር ተገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ጅረቱ ለምን አነሰ? አሁንም መልቲሜትር ነው የሚመልሰው። ኃይሉን አጥፍተን ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ እየነቀልን እንለካ። ሳይነቀሉ የተለኩ እንደሆነ ከጎናቸው ያለው ሁሉ አብሮ ይለካል። 47 ኪሎ ኦም የተባለው 49.2፣ 10 ኪሎ ኦም የተባለው 9.9፣ 3.3 ኪሎ ኦም የተባለው 3.22 ሆነው ተገኙ እንበል። ሦስቱም የወርቅ ቀለበት ከሚፈቅድላቸው 5 በመቶ አላለፉም። ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስሕተታቸው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ሁለቱም የቤዙን ቮልቴጅ ወደ ታች ይጎትቱታል። ቤዙ ከ2.1 ወደ 2.0 ቮልት ሲወርድ የወረደው 5 በመቶ ብቻ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ከዚያ ላይ ወደ 0.65 ቮልት የሚሆነውን ትራንዚስተሩ ለራሱ ስለሚይዝ፣ ለኤሚተሩ በቀረው ላይ ያለው ጉድለት የበለጠ ነው። አዲሶቹን ዋጋዎች ሲሙሌሽኑ ውስጥ ብንጽፋቸው የኤሚተሩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ከ18.7 ወደ 20 ኦም ይወጣል፣ የኮሌክተሩ ወገን ወደ 2,344 ይወርዳል፣ ጌይኑ 117 ይሆናል። ከ15ቱ ልዩነት 10ሩ የሬዚስተሮቹ ሆነ። «ቶለራንስ» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ስምና ቁጥር አገኘ።

የቀሩት አምስት የባይፓስ ካፓሲተሩ ናቸው። ይህ ካፓሲተር የተሰካው ለሲግናሉ ሲባል ኤሚተሩን መሬት ለማድረግ ነው። ሲሙሌሽኑ ውስጥ ያለ ምንም እንከን ይህን ያደርጋል። እውነተኛው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ግን በውስጡ ተከታታይ የሆነ ሬዚስታንስ አለው፤ ለተራ 100 ማይክሮፋራድ 1 ኦም አካባቢ ቢሆን አያስገርምም። 1 ኦም ከኪሎ ኦሞቹ አጠገብ ምንም አትመስልም። የምትደመረው ግን ከኪሎ ኦሞቹ ጋር አይደለም፤ ከ20 ኦሟ ጋር ነው። 2,344 ለ21 ሲካፈል 112 ይሆናል። ካፓሲተሩ ያረጀ ከሆነ ይህች ሬዚስታንስ ትጨምራለች፣ ጌይኑም አብሮ ይወርዳል። ጥርጣሬ ካለ ሌላ አዲስ ካፓሲተር ከጎኑ ደርቦ መሰካት ነው፤ በሜዳው ላይ ጌይኑ ከፍ ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ሜዳው ላይ ካፓሲተር መብዛቱ ብቻውን ጌይን አይጨምርምና።

እዚህ ላይ ስለ ዴሲቤል አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። 127 በዴሲቤል 42.1 ነው፣ 112 ደግሞ 41.0። ከ0 እስከ 50 ዴሲቤል በተዘረጋ ግራፍ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተጣብቀው ይታያሉ፤ ተማሪውም «በጣም ተስማምተዋል» ብሎ ይጽፋል። በዚያች ስስ ክፍተት ውስጥ ግን የ12 በመቶ ጉድለት ተደብቋል። ግራፉ በዴሲቤል ይሳል፣ ሜዳው ግን በቁጥርም ይጻፍ።

ወደ ታችኛው ወሰን ስንወርድ ያው ባይፓስ ካፓሲተር ይከተለናል። በሰርኩዊቱ ውስጥ ካሉት ሦስት ካፓሲተሮች ትልቁ እርሱ ነው፤ ስለዚህ ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ከሁሉ በተሻለ ያሳልፋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። አንድ ካፓሲተር የሚገድበውን ፍሪኩዌንሲ የሚወስነው የራሱ መጠን ብቻ ሳይሆን ከፊቱ የሚያየው ሬዚስታንስም ነው፤ የሁለቱ ብዜት ሲያንስ ወሰኑ ከፍ ይላል። የመግቢያው 10 ማይክሮፋራድ 2.4 ኪሎ ኦም ገደማ ስለሚያይ ወሰኑ 7 ሄርዝ አካባቢ ነው። የመውጫው 13.3 ኪሎ ኦም ያያል፤ ወሰኑ 1.2 ሄርዝ። የባይፓሱ 100 ማይክሮፋራድ ግን የሚያየው የኤሚተሩን ትንሽ ሬዚስታንስ ነው፤ 18.7 ኦም። ስሌቱ 85 ሄርዝ ይሰጣል። ሦስቱ ሲወዳደሩ የማጉያውን ታችኛ ወሰን የሚይዘው እንግዲህ ትልቁ ካፓሲተር ነው። በስሕተት በቦታው 10 ማይክሮፋራድ ቢሰካ ወሰኑ ወደ 850 ሄርዝ ይዘላል፤ በዚያ ማጉያ ውስጥ ያለፈ የከበሮ ድምፅ ጉልበቱ ሁሉ ተወስዶ ቅጭልጭልታው ብቻ ይቀራል።

ጠረጴዛው ላይ ከ85 ይልቅ 64 ሄርዝ ገደማ ቢነበብ ሰርኩዊቱ ተበላሸ ማለት አይደለም። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች 20 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲሉ ይፈቀድላቸዋል። ካፓሲታንስ የሚለካ መልቲሜትር 118 ማይክሮፋራድ ካሳየ፣ በዚያ ላይ ያቺ 1 ኦም ስትጨመር፣ ስሌቱ ራሱ 64 ላይ ያርፋል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል መፈተኛ አለ፦ ያቺ 1 ኦም የሜዳውን ጌይንም ዝቅ አድርጋለች፣ የታችኛውንም ወሰን ዝቅ አድርጋለች። አንዱ ምክንያት በሁለት ቦታ ምልክት ሲተው፣ ሁለቱም ምልክቶች በአንድ ቁጥር ሲገለጹ፣ ያኔ ማብራሪያው ግምት መሆኑ ይቀራል።

በዚህ ክልል ልኬቱን የሚያውከው ሌላ ነገር አለ። የሀገራችን የመብራት ኃይል 50 ሄርዝ ነው፤ ከወሰናችን ጎን ማለት ነው። ብሬድቦርዱ ላይ የተንዘላዘሉ ረጃጅም ሽቦዎች ከግድግዳው መስመር የሚለቅሙት ሲግናል ከእኛ 5 ሚሊቮልት ጋር አብሮ ይጎላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጄኔሬተሩ 55 ወይም 60 ሄርዝ ላይ ሲሆን ኦሲሎስኮፑ ላይ ያለው ሞገድ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይከሳል። ሽቦዎቹን ማሳጠር፣ ኦሲሎስኮፑ ትሪገሩን ከጄኔሬተሩ እንዲወስድ ማድረግ፣ ከዚያም ብዙ ዙሮችን አማካይ እንዲያወጣ ማዘዝ ይህን ያስታግሰዋል።

ትልቁ ክፍተት የሚታየው ግን ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ሲሙሌሽኑ፣ ሲግናሉ ከ10 ኦም ላይ በሚነሳበት በዚህ አሠራር፣ ማጉያው ከ10 ሜጋሄርዝ በላይ ይሄዳል ይላል። ጠረጴዛው ላይ አንዱ ተማሪ 3 ሜጋሄርዝ ገደማ ያነባል። አጠገቡ ያለው፣ በዚያው ሰርኩዊት ላይ፣ ከ700 ኪሎሄርዝ ያነሰ ያነባል። ሦስት ቁጥር፣ ያውም በእጥፍና በአምስት እጥፍ የሚራራቁ። በ5 በመቶ ሬዚስተር ይህን ማብራራት አይቻልም።

ምክንያቱ ተማሪው በእጁ የያዘው ፕሮብ ነው። አብዛኞቹ የኦሲሎስኮፕ ፕሮቦች እጀታቸው ላይ 1X እና 10X የሚል ትንሽ ማብሪያ አላቸው። 1X ላይ ሲሆን የኬብሉና የኦሲሎስኮፑ መግቢያ ካፓሲታንስ በሙሉ፣ 100 ፒኮፋራድ አካባቢ፣ በቀጥታ ማጉያው መውጫ ላይ ይሰካል። 10X ላይ ሲሆን ይህ ወደ 15 ፒኮፋራድ ገደማ ይወርዳል፤ ከብሬድቦርዱ ጋር 20 እንበለው። ኮሌክተሩ የሚያየው ሬዚስታንስ 2,344 ኦም ስለሆነ፦

```
1X :  1 / (2π × 2344 × 100 pF) ≈ 680 kHz
10X:  1 / (2π × 2344 ×  20 pF) ≈ 3.4 MHz
```

ሌሎቹ ጥቃቅን ካፓሲተሮች ሲታከሉ ሁለቱም ትንሽ ዝቅ ይላሉ። በትንሽ ሲኒ የቀረበ ሻይ ውስጥ ቀዝቃዛ ወፍራም ቴርሞሜትር ቢነከር የሚነበበው ሙቀት የሻዩ ብቻ አይሆንም፤ የሁለቱ ነው። እዚህም የተለካው ማጉያው ከነፕሮቡ ነው። ሲሙሌሽኑ ፕሮብ እንዳለ አልተነገረውም፣ ስለዚህ አልቆጠረውም።

አስቸጋሪው ነገር የ1Xን ስሕተት ማንም አለመጠራጠሩ ነው። ግራፉ ያምራል፣ ቁልቁለቱ መጽሐፉ እንደሚለው ነው፣ የላብ መመሪያው ሠንጠረዥ 1 ሜጋሄርዝ ላይ የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ ወሰኑ በሠንጠረዡ ውስጥ ስለተገኘ ተማሪው ደስ ይለዋል። በአንጻሩ 10X የተጠቀመው ጌይኑ አልወርድ ስላለው የተሳሳተ ይመስለዋል። ማን ትክክል እንደሆነ የሚለይበት ቀላል ፈተና አለ። ጄኔሬተሩን ጌይኑ መውረድ የጀመረበት ፍሪኩዌንሲ ላይ አቁሞ፣ ሁለተኛ ፕሮብ እዚያው መውጫ ላይ መንካት ነው። ሞገዱ ሁለተኛው ፕሮብ ሲነካ ካነሰ፣ የመጀመሪያውም ሲነካ አሳንሶት ነበር። በተጨማሪም በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች ጄኔሬተሩ ራሱ የሚሰጠው ቮልቴጅ ሊቀንስ ስለሚችል መግቢያው በየነጥቡ እንደገና ይነበብ፤ የ10X ፕሮብም በኦሲሎስኮፑ የካሬ ሞገድ ተስተካክሎ ይጀመር።

የተገኘውን ሁሉ ወደ ሲሙሌሽኑ መመለስ ጥቂት መስመር ነው። ሬዚስተሮቹን በተለኩት ዋጋ ቀይሮ፣ ካፓሲተሩን ከነሬዚስታንሱ፣ ፕሮቡንም እንደ አንድ ዕቃ መጻፍ፦

```
CE  e    x  118u
RX  x    0  1
CP  out  0  20p
.ac dec 20 10 20Meg
```

ይህን ካደረግን በኋላ ሁለቱ መስመሮች በሦስቱም ቦታ ይቀራረባሉ። ቁጥሮቹ እስኪገጥሙ ድረስ እየቀያየሩ መሞከር ግን ማጭበርበር ነው። እዚህ የገቡት ዋጋዎች በመሣሪያ የተለኩ ወይም በሌላ መንገድ የተፈተኑ ናቸው፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ መጽሐፉ የላይኛውን ወሰን ሲያስተምር የሚያወራው ስለ ፕሮብ ሳይሆን ስለ ሚለር ውጤት ነው። ጆን ሚለር የተባለው አሜሪካዊ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ስለ ቫኪዩም ቲዩብ የገለጸው ነገር ለትራንዚስተርም ይሠራል። በቤዝና በኮሌክተር መካከል ያለች ትንሽ ካፓሲታንስ አንዱ ጫፏ ወደ ላይ ሲሄድ ሌላው ጫፏ ከመቶ ጊዜ በላይ ተባዝቶ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ለመግቢያው ከመቶ ጊዜ በላይ ገዝፋ ትታያለች። በ2N3904 ውስጥ በዚህ ቮልቴጅ 2 ፒኮፋራድ ገደማ ናት፤ ጌይኑ 112 ሲሆን 226 ሆና ትታያለች። በሙከራችን ውስጥ ያልታየችው ሲግናሉ ከ10 ኦም ላይ ስለተነሳ ነው። እንዲህ ያለ ብርቱ ምንጭ 226 ፒኮፋራድን ያለ ችግር ይሞላል፣ ያጎድላል።

ምንጩን እናድክመው። በመግቢያው ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ እንጨምር፤ እውነተኛ ማይክሮፎን ወይም ከፊቱ ያለ ሌላ ማጉያ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ሬዚስታንስ ሊኖረው ይችላል። ፕሮቡን ያካተተው ሲሙሌሽን አሁን 700 ኪሎሄርዝ ገደማ ይላል፤ ጠረጴዛው 400 ገደማ ይላል። እንደገና ክፍተት መጣ፤ ፕሮቡ ግን ተቆጥሯል። የዚህኛው ጥፋተኛ ብሬድቦርዱ ነው። የ2N3904 ቤዝና ኮሌክተር ጎረቤት እግሮች ናቸው፤ በብሬድቦርዱ ጎረቤት ረድፎች ላይ ሲሰኩ በሁለቱ የብረት ቅንጥቦች መካከል ሌላ 2 ፒኮፋራድ ገደማ ይፈጠራል። ሌላ ቦታ ቢሆን ማንም አይቆጥረውም ነበር። እዚህ ግን የተቀመጠው ልክ ከመቶ ጊዜ በላይ በሚባዛበት ቦታ ላይ ነው፤ ትራንዚስተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን በእጥፍ ያሳድገዋል። ማረጋገጫው የኮሌክተሩን እግር ጎንበስ አድርጎ አንድ ረድፍ ዘሎ መሰካት፣ በመካከል የቀረውንም ረድፍ ከመሬት ጋር ማገናኘት ነው። አንድም ዕቃ ሳይለወጥ ወሰኑ ወደ ላይ ይመለሳል። በዚህ ሙከራ ውስጥ ተማሪ ቢያየው ብዬ ከምመኘው ሁሉ ይህ ይቀድማል፤ ስዕሉ ላይ የሌለ ዕቃ በእጅ ሲነካ የሚታየው እዚህ ነውና።

ይህን ሙከራ ለምታስተምሩ መምህራንና የላብ ረዳቶች የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በሪፖርቱ ሠንጠረዥ አናት ላይ አራት ባዶ ቦታዎች ጨምሩ፦ የተለኩት ሬዚስተሮች ዋጋ፣ ሲግናል ሳይኖር የተነበበው የኤሚተር ቮልቴጅ፣ የተለካው የባይፓስ ካፓሲተር፣ እና ፕሮቡ 1X ይሁን 10X። እነዚህ ሳይሞሉ «ልዩነቱ ከቶለራንስ የመጣ ነው» ብሎ የሚያበቃን ሪፖርት አትቀበሉ።